ዝም የማይል ሞተር፦ ሪሌይ፣ የማርሽ ክፍተት እና አስቀድሞ የተሰላ ውዝዋዜ

ዕቃው እና ጥያቄው

ጠረጴዛው ላይ ያለው ነገር ብዙ አይደለም። በ6 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ዲሲ ሞተር ከነማርሽ ሳጥኑ አለ። ከሳጥኑ መውጫ ዘንግ ጋር ቀጥታ የታሰረ ፖቴንሽዮሜትር አንግሉን ይለካል። ሞተሩን በሁለቱም አቅጣጫ የሚነዳ ኤች ብሪጅ እና ሁሉንም የሚያዝ ማይክሮኮንትሮለር ደግሞ አሉ።

የመጀመሪያው መቆጣጠሪያ ከዚህ በላይ ሊቀል አይችልም። ዘንጉ ከተፈለገው አንግል ወደኋላ ከቀረ +6 ቮልት፣ ካለፈ −6 ቮልት። መሀል የለም። ይሄ ነው ሪሌይ የሚባለው፣ ዕቃው ውስጥ ጠቅ የሚል እውነተኛ ሪሌይ ባይኖርም።

እንዲህ ያለ ሞተር ቦታው ደርሶ ዝም እንደማይል ማንም ያውቃል። ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ይላል፣ አይቆምም። ሳይጨምርም ሳይቀንስም በራሱ የሚቀጥለው ይህ ውዝዋዜ ሊሚት ሳይክል ይባላል። እኔ የፈለግኩት ማየት ብቻ አይደለም። ኃይል ከመስጠቴ በፊት ስንት ዲግሪ እንደሚወዛወዝ እና በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሪሌዩን አውጥቼ የላላ ማርሽ አስገባለሁ፤ ያንንም አስቀድሜ አሰላለሁ።

መሣሪያው ዲስክራይቢንግ ፈንክሽን ነው፤ እንደ ሪሌይ ያለውን ነገር ከውዝዋዜው ስፋት ጋር በሚለዋወጥ አንድ የማባዣ ቁጥር የሚተካ ስሌት። የቆየ ዘዴ ነው። ተስቲን በ1947 ለማርሽ ክፍተትና ለሰበቃ ተጠቀመበት። ኮቸንበርገር በ1950 ለሪሌይ ሰርቮዎች አሰፋው። ወረቀት፣ እርሳስና ማስመሪያ ብቻ ለነበራቸው ሰዎች የተሠራ ስለሆነ ዛሬም በእጅ ይሰላል።

ሞተሩን መለካት

ትንበያው ከሞተሩ ሞዴል የተሻለ ሊሆን ስለማይችል መጀመሪያ ሞተሩ ተለካ። መቆጣጠሪያውን አጥፍቼ በአንድ ጊዜ 6 ቮልት ሰጠሁትና አንግሉን መዘገብኩ። የመጨረሻ ፍጥነቱ 4.8 ራዲያን በሰከንድ ወጣ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቮልት 0.8 ራዲያን በሰከንድ ነው። ከዚህ ፍጥነት 63 በመቶው ላይ ለመድረስ 0.08 ሰከንድ ያህል ፈጀበት። እዚህ ላይ ፈጠን ማለት ያስፈልጋል፤ ፖቴንሽዮሜትሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ጫፉ ጋ ይደርስና ይጋጫል።

ሦስተኛው ቁጥር መዘግየት ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው፣ ዋናው ግን እሱ ነው። ፕሮግራሙ በየ10 ሚሊሰከንድ ይሠራል። የተሰላው ትእዛዝ የሚወጣው በሚቀጥለው ዙር ነው፣ ይህ 10 ሚሊሰከንድ። ትእዛዙ ለአንድ ሙሉ ዙር ሳይለወጥ ስለሚቆይ በአማካይ 5 ይጨመራል። ንባቡ ደግሞ የባለፈው አንድ ዙር አማካይ ስለሆነ ሌላ 5። ድምሩ 20 ሚሊሰከንድ።

ሞዴሉ እንግዲህ ይህ ነው፦

```
G(s) = 0.8 · e^(-0.02 s) / ( s (0.08 s + 1) )
```

ሪሌይ፦ ስሌቱ

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲወዛወዝ ሪሌዩ የሚያወጣው አራት ማዕዘን ሞገድ ነው፤ +6፣ −6፣ +6፣ −6። እንዲህ ያለ ሞገድ ከብዙ ሳይኖች የተሠራ ነው፤ ከመሠረታዊው፣ ከሦስት እጥፉ፣ ከአምስት እጥፉ፣ እያለ ይቀጥላል። ሞተሩ ግን ፈጣን ነገር አይወድም። ከፍተኛ ድግግሞሾቹን ስለሚውጣቸው ዘንጉ ላይ የሚታየው ከሞላ ጎደል ንጹሕ ሳይን ነው። ስለዚህ ከሪሌዩ የሚወጣውን መሠረታዊውን ሳይን ብቻ ይዘን ሌላውን እንተወዋለን።

ቁመቱ M የሆነ አራት ማዕዘን ሞገድ የመጀመሪያ ሃርሞኒኩ ስፋት 4M/π ነው። ወደ ሪሌዩ የሚገባው ስፋቱ A የሆነ ሳይን ከሆነ፣ የሪሌዩ ጌይን፣ ማለትም የሚወጣው የሚገባው ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ እንዲህ ይሆናል፦

```
N(A) = 4M / (πA)
```

ይህ ጌይን በስፋቱ ላይ የተመሠረተ ነው። ትንሽ ስህተት ሲመጣ ሪሌዩ ግዙፍ ጌይን ይኖረዋል፤ ትልቅ ስህተት ሲመጣ ደካማ ይሆናል። ውዝዋዜው ራሱን የሚያርመውም በዚህ ነው። ስፋቱ ካደገ ጌይኑ ይቀንስና ይመልሰዋል። ካነሰ ጌይኑ ይጨምርና ያሳድገዋል።

ውዝዋዜ ራሱን እንዲቀጥል በመቆጣጠሪያው ዑደት አንድ ጊዜ ዞሮ ሲመለስ ያው ሳይን መሆን አለበት። ይህ ማለት N(A)·G(jω) = −1 ነው፤ ω የውዝዋዜው ድግግሞሽ ነው። ፌዝ የሚወጣው ሳይን ከሚገባው በስንት ዲግሪ እንደሚለይ ነው። N እዚህ ላይ ምንም የፌዝ መዘግየት ስለሌለው G ብቻውን −180 ዲግሪ ላይ መድረስ አለበት። ፍጥነትን ወደ አንግል የሚደምረው ኢንቴግሬተር 90 ዲግሪውን በነፃ ይሰጣል። ቀሪው 90 ከሞተሩ መዘግየትና ከፕሮግራሙ መዘግየት ይመጣል፦

```
atan(0.08 ω) + 0.02 ω = π/2
```

ይህ በሙከራ ይፈታል። በ25 ትንሽ ይበልጣል፣ በ24 ልክ ይገጥማል። ስለዚህ ω = 24 ራዲያን በሰከንድ፣ ማለትም 3.8 ሄርዝ ነው። በዚህ ድግግሞሽ የ G መጠን 0.0154 ነው። የሪሌዩ 4M/π ደግሞ 7.64 ቮልት። ሁለቱን ስናባዛ A = 0.118 ራዲያን፣ 6.7 ዲግሪ።

ከዚህ ስሌት አንድ ነገር አንብቡ። መዘግየቱን ዜሮ ብናደርገው ቀመሩ መልስ አይኖረውም። የሁለተኛ ደረጃ ሞተር −180 የሚደርሰው ድግግሞሹ ያለ ወሰን ሲጨምር ብቻ ነው። ያኔ ስፋቱም ዜሮ ይሆናል። ማለትም ይህን ሞተር የሚያወዛውዘው ሪሌዩ ብቻውን ሳይሆን ከሪሌዩ ጋር የተጋባው 20 ሚሊሰከንድ ነው።

ሪሌይ፦ ልኬቱ

ኃይሉን ከፈትኩት። ወዲያው ጀመረ፣ ከአንድ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜም ቋሚ ሆነ። አንድ ዙር 0.28 ሰከንድ ገደማ፣ ማለትም 3.6 ሄርዝ። ስፋቱ ከ7 ዲግሪ ተኩል ትንሽ ያነሰ። ትንበያዬ 3.8 ሄርዝና 6.7 ዲግሪ ነበር።

ልዩነቱ የሞተሩ ነው ወይስ የዘዴው? ይህን መለየት ይቻላል። ሪሌይ ያለበት ዑደት ሳይን መስሎ ሳይታይ፣ የአራት ማዕዘኑን ሞገድ ቁራጭ በቁራጭ በመከተል በትክክል ሊሰላ ይችላል። ቮልቴጁ ቋሚ በሆነበት በእያንዳንዱ ግማሽ ዙር የሞተሩን እኩልታ ፈትቶ ጫፎቹን ማገጣጠም ነው። እንዲህ ሲሰላ ለዚህ ሞዴል 3.63 ሄርዝና 7.3 ዲግሪ ይወጣል። ስለዚህ ሞዴሉ ጥሩ ነው፤ ከዘዴው የመጣው ስህተት በድግግሞሽ 5 በመቶ፣ በስፋት 8 በመቶ ያህል ነው። ለአንድ መስመር ስሌት እኔ በዚህ ደስተኛ ነኝ።

ስህተቱ ከየት እንደመጣም ይታያል። ሦስተኛው ሃርሞኒክ ከሪሌዩ ሲወጣ የመሠረታዊው አንድ ሦስተኛ ነው። በ72 ራዲያን በሰከንድ የ G መጠን 0.0019 ብቻ ስለሆነ ዘንጉ ላይ ሲደርስ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። ትንሽ ነው፣ ዜሮ ግን አይደለም። የመዘገብኩትን ጥምዝ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ያገኘዋል፤ ሳይን ሳይሆን ጎኖቹ ትንሽ ቀጥ ያሉ፣ ወደ ሦስት ማዕዘን ያደላ ነው። ይህ ጥምዝ በዓይን እንኳ ከሳይን የራቀ ከሆነ ትንበያውን ማመን አይገባም።

ጥፋቱ የመዘግየቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ፕሮግራሙን በየ5 ሚሊሰከንድ እንዲሠራ አደረግኩት። መዘግየቱ ወደ 10 ይወርዳል። ስሌቱ 34.7 ራዲያን በሰከንድ፣ ማለትም 5.5 ሄርዝ፣ ስፋቱንም 3.4 ዲግሪ ይላል። ዘንጉ በእርግጥም ግማሽ ያህል ጠበበ፣ ድምፁም ቀጠነ። ሞተሩን፣ ቮልቴጁን፣ ማርሹን አልነካሁም።

በ5 ሚሊሰከንድ ግን ሌላ ነገር መጣ። ዜሮ አካባቢ የንባቡ ጩኸት፣ ማለትም ጥቃቅን መዋዠቁ፣ ሪሌዩን ወዲያና ወዲህ ያንከላውሰዋል። የተለመደው መድኃኒት ሂስቴሪሲስ ነው፦ ስህተቱ +1 ዲግሪ ሳያልፍ ወደ +6፣ −1 ሳያልፍ ወደ −6 አትቀይር። ወደ 10 ሚሊሰከንዱ ተመልሼ ሞከርኩት። ጩኸቱ ጠፋ። ነገር ግን ሂስቴሪሲስ ሪሌዩ ዘግይቶ እንዲቀይር ስለሚያደርገው N ፌዝ ያጣል። ስሌቱ ወደ 21 ራዲያን በሰከንድና ወደ 8.5 ዲግሪ ይሄዳል። አንድ ዲግሪ ስጨምር ውዝዋዜው ሁለት ዲግሪ ሊጠጋ ጨመረ ማለት ነው። ሂስቴሪሲስ ነፃ አይደለም።

ከሪሌይ ወደ ፕሮፖርሽናል

ሪሌዩ አንድ ጥሩ ስጦታ ትቶ ይሄዳል። ወሰን ላይ ያለውን ጌይን ይናገራል። በውዝዋዜው ጊዜ N = 4M/(πA) ልክ ዑደቱን በአፋፍ ላይ የሚያቆመው ጌይን ነው። ከስሌቱ 65 ቮልት በራዲያን ይወጣል። ኦስትሮምና ሄግሉንድ በ1984 ባወጡት ራስ ገዝ ማስተካከያ የተጠቀሙት ይህንኑ ነው፤ ሪሌይ አስገብተህ ወዝውዝ፣ ስፋቱንና ድግግሞሹን አንብብ፣ ከዚያ መቆጣጠሪያውን አስተካክል።

ሪሌዩን አውጥቼ ተራ ፕሮፖርሽናል አስገባሁ። ቮልቴጁ የስህተቱ Kp እጥፍ ነው። Kp = 40 ስሰጠው ዘንጉ ጥቂት ጊዜ ተወዛውዞ ቦታው ላይ ይቆማል። የፌዝ ትርፉ፣ ማለትም −180 ለመድረስ የቀረው፣ 14 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ውዝዋዜው ቶሎ አይሞትም፣ ይሞታል ግን። ይህን አንድ ነገር አስታውሱልኝ፦ ያለ ክፍተት 40 የተረጋጋ ነው፣ ወሰኑም 65 ነው።

ክፍተቱ ገባ

አሁን በማርሽ ሳጥኑና በፖቴንሽዮሜትሩ መሀል ሁለት እኩል ጥርስ ያላቸው ማርሾች አስገባሁ። ሆን ብዬ የዘንጎቹን ርቀት ትንሽ አሰፋሁት። አንዱን ይዤ ሌላውን ሳንቀሳቅሰው ከዳር እስከ ዳር 3 ዲግሪ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ግማሹ፣ b፣ 1.5 ዲግሪ ነው። ነገሩ እንደላላ የበር እጀታ ነው፤ ትዞራለህ፣ ትዞራለህ፣ መጀመሪያ ምንም አይሆንም፣ ከዚያ ይይዛል።

አንድ ወሳኝ ጥንቃቄ አለ። የዲስክራይቢንግ ፈንክሽኑ ስሌት የሚገምተው ጥርሱ ሲለቀው የውጪው ዘንግ ባለበት እንደሚቆም ነው። ይህ እንዲሆን ሰበቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ የውጪውን ዘንግ በወፍራም ጨርቅ ቀለበት ቀስ አድርጌ አጠበቅኩት። በጣት ሲነካ ይዞራል፣ ሲለቀቅ ግን ወዲያው ይቆማል።

ክፍተት ከሪሌይ የሚለይበት ነገር ፌዝ ማጉደሉ ነው። ሞተሩ ጫፉ ላይ ደርሶ ሲመለስ የውጪው ዘንግ 3 ዲግሪ እስኪያልፍ ይጠብቃል። መጠኑም ያንሳል። ለግማሽ ክፍተት b እና ለሞተሩ ስፋት A፣ c = 1 − 2b/A ብለን ብንጽፍ፣ N ሁለት ክፍል አለው፦ አንዱ ከገቢው ጋር እኩል የሚሄድ፣ ሌላው ከገቢው ዘግይቶ የሚመጣ። ሁለቱም ኮዱ ውስጥ አሉ። ውዝዋዜው በጣም ሰፊ ሲሆን ክፍተቱ ኢምንት ስለሚሆን N ወደ 1 ይቀርባል። A ወደ b ሲወርድ ሞተሩ ክፍተቱ ውስጥ ብቻ ይመላለሳል፤ ያኔ N ዜሮ ነው፣ የሚያጎድለውም ፌዝ ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል።

የ G ጥምዝ በሚሳልበት የናይኲስት ሥዕል ላይ −1/N ን ስሎ ሁለቱ የሚቆራረጡበትን ቦታ መፈለግ ይቻላል። እኔ ግን ጥያቄውን ገልብጬ ነው የጠየቅኩት፦ ለእያንዳንዱ ስፋት A፣ ውዝዋዜው እንዲቀጥል ስንት Kp ያስፈልጋል? ኮዱ ይህ ነው፦

```python
import numpy as np
K, T, L = 0.8, 0.08, 0.02
w = np.linspace(1, 30, 4000)
G = K*np.exp(-1j*w*L) / (1j*w*(1j*w*T + 1))
for c in np.linspace(-0.9, 0.9, 37):
    N = (np.pi/2 + np.arcsin(c) + c*np.sqrt(1-c*c)
         - 1j*(1-c*c)) / np.pi
    k = np.argmin(abs(np.angle(-G*N)))
    print(2/(1-c), w[k], 1/abs(G[k]*N))
```

ሦስቱ ዓምዶች A/b፣ ω እና የሚያስፈልገው Kp ናቸው። ከላይ ወደ ታች ስታነብቡት አስገራሚ ነገር ይታያል። A = 1.18b ሲሆን የሚያስፈልገው Kp 40 ነው። A ወደ 1.6b ሲያድግ ወደ 34 ይወርዳል። ከዚያ መልሶ ይወጣል፤ በ2b 35፣ በ4b 43፣ በ8b 51። በጣም ሲሰፋ ወደ 65 ይጠጋል፣ እሱም ሪሌዩ የነገረን ቁጥር ነው። ጥምዙ ታች ጎድጎድ ያለ ሳህን ይመስላል፣ ወለሉም 34 ላይ ነው።

ከዚህ የሚነበበው ሁለት ነገር ነው። Kp ከ34 በታች ከሆነ የትኛውም ስፋት ራሱን ማቆየት አይችልም፤ ውዝዋዜ የለም። ከ34 በላይ ግን አንድ Kp ሳህኑን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። ለ Kp = 40 አንዱ A = 1.18b ላይ ነው፣ ω 5.5 ያህል። ሌላው A = 3.1b ላይ ነው፣ ω 15.5 ያህል።

የትኛው ነው የሚኖረው? ትንሿ ላይ ቆመን ስፋቱ ጠብታ ቢያድግ የሚያስፈልገው Kp ከ40 ያንሳል። እኛ ግን 40 አለን። ትርፍ ስላለ ማደጉ ይቀጥላል። ጠብታ ቢያንስ ደግሞ የሚያስፈልገው ከ40 ይበልጣል፣ እኛ ጋ የለም፣ ስለዚህ ይሞታል። ትንሿ የምትኖር ውዝዋዜ አይደለችም፤ ድንበር ናት። ትልቁ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቢያድግ ይቀንሳል፣ ቢያንስ ያድጋል። የሚኖረው እሱ ነው።

ስለዚህ ትንበያው ተጻፈ፦ Kp = 40 ላይ ሞተሩ በ4.6 ዲግሪ ስፋት ይመላለሳል። ፖቴንሽዮሜትሩ የሚያየው ከዚህ ላይ b ተቀንሶ 3.1 ዲግሪ ነው። ድግግሞሹ 2.5 ሄርዝ፣ አንድ ዙር 0.4 ሰከንድ። ቮልቴጁም ከ2.2 አይበልጥም፤ ስለዚህ 6 ቮልት ጣሪያው ነገሩን አያበላሽም። ይህን ማጣራት አይዘለልም፤ ጣሪያው ከተነካ ሁለተኛ ያልተሰላ ነገር ገባ ማለት ነው።

መታ ማድረግ

Kp = 40 አድርጌ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ዘንጉ ቦታው ላይ ነበር። ምንም አልሆነም። ዝም ብሎ ተቀመጠ። የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ "ይሄው፣ የተረጋጋ ነው" ብሎ ሥራውን ይጨርሳል።

ከዚያ በጣቴ መታ አደረግኩት። ጀመረ፣ አልቆመምም። አንድ ዙር 0.41 ሰከንድ አካባቢ፣ ፖቴንሽዮሜትሩ ላይ 3 ዲግሪ ገደማ። ድምፁ ከሪሌዩ ይለያል፤ በእያንዳንዱ መመለሻ ላይ ጥርሱ ሲይዝ ትንሽ "ጠቅ" ይላል። በእጄ ይዤ ሳቆመውና ቀስ ብዬ ስለቀው እንደገና ዝም ይላል። ድንበሯ የተሠራችው ለዚህ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ዝምታው ሙሉ በሙሉ የድንበሯ ሥራ አይደለም። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ራሱ የሚፈልገው ትንሽ ቮልቴጅ አለ። ይህ ሰበቃ ትናንሽ ውዝዋዜዎችን ይገድላል፣ ሞዴሉ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ የ1.18b ቁጥርን እንደ ትክክለኛ ድንበር አላየውም፤ የአቅጣጫ ምልክት ነው።

ወለሉንም ፈተሽኩት። Kp ን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረግኩ በየጊዜው መታ ስል፣ ውዝዋዜው ራሱን ማቆየት የተሳነው 37 አካባቢ ሲሆን ነው። ስሌቱ 34 ነበር። እዚህ ላይ ልዩነት መኖሩ አይገርምም። ሳህኑ ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ስለሆነ Kp ትንሽ ሲለወጥ ስፋቱ ብዙ ይዘላል። ሁለቱ ጥምዞች እየተነካኩ የሚያልፉበት ቦታ ዘዴው በጣም የሚደክምበት ነው። የቀረችው 4 ወይም 5 በመቶ ሃርሞኒክ "አለ" እና "የለም" መካከል ወሳኝ ልትሆን ትችላለች። ጥምዞቹ ጥርት ብለው በሚቆራረጡበት፣ ለምሳሌ 45 ላይ፣ ልኬትና ስሌት ይግባባሉ።

ጨርቁን ማውጣት

ከዚያ የጨርቅ ቀለበቱን አወጣሁት። የውጪውን ዘንግ ክብደት ለመስጠት ትንሽ የብረት ዲስክም አሰርኩበት። Kp ያው 40 ነው።

አሁን ስሌቱ ዋጋ የለውም። ጥርሱ ሲለቀው ዲስኩ አይቆምም፤ በራሱ ፍጥነት ክፍተቱን አቋርጦ ሌላኛውን ጥርስ ይመታና ይነጥራል። መዝገቡ ላይ በአንድ መመለሻ ሁለት ሦስት ትናንሽ ግጭቶች ይታያሉ፤ የዙሩ ጊዜም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለዋወጣል። እዚህ ላይ ክፍተቱ ከእንግዲህ የገቢና ወጪ ዝምድና ብቻ አይደለም፣ ጉልበት የሚያስተላልፍ ምንጭ ነው። ሞተሩና ዲስኩ ለየብቻ ተጽፈው፣ ሲነካኩ ብቻ ኃይል የሚለዋወጡበት ሞዴል ያስፈልጋል።

የመለያው ምልክት ቀላል ነው። የውጪውን አንግል ሣሉት። በሰበቃ የሚገዛ ክፍተት ከሆነ ጫፎቹ ላይ ጠፍጣፋ ወንበር ታያላችሁ፤ ዘንጉ ቆሞ ሞተሩ ክፍተቱን እስኪያልፍ ይጠብቃል። ያ ጠፍጣፋ ከሌለ የተጠቀምንበት N ለእናንተ ዕቃ አልተጻፈም።

ማቆም

ጨርቁ ተመለሰ። የቀረው ማቆም ነው። ሁለት መንገድ ሞክሬያለሁ።

የመጀመሪያው ፖቴንሽዮሜትሩን ከክፍተቱ በፊት ማሰር ነው፣ በሞተሩ በኩል። ክፍተቱ ከዑደቱ ስለሚወጣ ወሰኑ ወደ 65 ይመለሳል። በእርግጥም 40 ላይ መታ ሳደርገው ተወዛውዞ ቆመ። ዋጋው ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ቦታው ላይ ነው፣ የውጪው ዘንግ ግን በ3 ዲግሪ ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል፣ መቆጣጠሪያውም አያውቅም። ለሥራዬ ይህ አይሆንም።

ሁለተኛው ከሳህኑ ወለል ታች መውረድ ነው። ፖቴንሽዮሜትሩን ወደ ውጪው ዘንግ መልሼ Kp = 25 አደረግኩ። ከ34 ጋር ሲነጻጸር ጌይኑ 1.36 እጥፍ ቢጨምር ብቻ ነው የሚነካው። የፌዝ ትርፉም ወደ 27 ዲግሪ ከፍ ይላል። ዘንጎቹን ይበልጥ አራርቄ ክፍተቱን ወደ 5 ዲግሪ አሰፋሁት፤ አሁንም አልተወዛወዘም። ይህ በስሌቱ የሚጠበቅ ነው። ሳህኑ የተሳለው በ A/b ስለሆነ ክፍተቱ ሲሰፋ ውዝዋዜው አብሮ ይሰፋል እንጂ ወለሉ 34 ላይ ይቀራል። ማርሽ ያረጀ ሰርቮ በዚህ ጌይን ቢሆን ትክክለኛነቱን እንጂ መረጋጋቱን አያጣም።

ቀጥሎ ያለው የዲሪቬቲቭ ክፍል ነው። በ10 ራዲያን አካባቢ 15 ዲግሪ ፌዝ ቢሰጥ ወለሉ የት እንደሚደርስ ለማየት ያው ኮድ ላይ `G` ን በ `(1 + 0.027j*w)` ማባዛት ይበቃል። ያንን አሂጄ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ከዚያ ማርሹን እንደገና መታ አደርገዋለሁ።